ያልገባ ገቢ

የኦዲት ሪፖርት የሚተረጉም ሰው ቃል የመፍጠር መብት የለውም። ይህን የምጽፈው ቃል በመፍጠር የሚኖር ጥበብ ከሚያጠና ሰው ወገን ሆኜ ነው። በኮለምበስ፣ ኦሃዮ፣ በንጽጽር ሥነ ጽሑፍ የዶክትሬት ትምህርት ላይ ነኝ። ቀኑን የግጥምና የልብ ወለድ ትርጉሞችን እየመረመርኩ እውላለሁ፤ ማታና ቅዳሜ ደግሞ «አንተ ቋንቋ ታውቃለህ» እየተባልኩ የማኅበራትንና የእድሮችን ወረቀት እተረጉማለሁ። የሥነ ጽሑፍ ወዳጆቼ ለመጀመሪያው ሥራ ያወጡትን ሕግ ለሁለተኛውም ሊያወርሱት ሲፈልጉ ዝም ማለት አልችልም።

ወዳጆቼ የሚሉት ይህን ነው። አማርኛ ሀብታም ቋንቋ ነው፤ ግዕዝን የመሰለ ጎተራ ከኋላው አለ፤ ስለዚህ «አክሩዋል» እና «ኢምፔርመንት» የሚሉትን የእንግሊዝኛ የሂሳብ ቃላት ያገኘ ተርጓሚ ወደ ጎተራው ወርዶ አዲስ ቃል ይዞ ይውጣ። «ርዕዮተ ዓለም» የተባለው እንዲህ አይደለምን? ሌሎች ደግሞ በተቃራኒው ቆመው «ሂሳብ ሠራተኛው እንግሊዝኛውን ያውቀዋል፣ በግዕዝ ፊደል ጽፈህ እለፍ» ይላሉ። ሦስተኞቹ፣ ብዙዎቹ እነሱ ናቸው፣ መዝገበ ቃላት ገልጠው ከፊት ያገኙትን ቃል ያስቀምጣሉ። ሦስቱም የተለያዩ ይምሰሉ እንጂ የሚያጠፉት አንድ ነገር ነው፤ ወረቀቱ በአዳራሽ ውስጥ ሲነበብ የሚሰማውን ሰው ይረሱታል።

ነገር ከሥሩ፣ ውኃ ከጥሩ ነውና ከ«አክሩዋል» ልጀምር።

በአማርኛ «ገቢ» ማለት የገባ ነው፤ «ወጪ» ማለት የወጣ ነው። ቃላቱ ራሳቸው ከበር ወይም ከከረጢት ሥዕል የተወለዱ ናቸው። ብር ወደ ካዝና ሲገባ ገቢ፣ ከካዝና ሲወጣ ወጪ። ይህ ሥዕል በጥሬ ገንዘብ ለሚሠራ ሂሳብ ፍጹም ይስማማል። «አክሩዋል» የሚባለው የሂሳብ አያያዝ ግን ሥዕሉን ይገለብጠዋል። በዚህ አያያዝ ገቢ የሚመዘገበው ገንዘቡ ሲገባ ሳይሆን ገንዘቡን የማግኘት መብት ሲፈጠር ነው፤ ወጪም የሚመዘገበው ሲከፈል ሳይሆን የመክፈል ግዴታ ሲመጣ ነው። ስለዚህ በዓመቱ መዝጊያ ላይ ያልገባ ገቢና ያልወጣ ወጪ የሚባል ነገር አለ። በእንግሊዝኛው ይህ ምንም አያስደንቅም። በአማርኛ ግን ቃሉን ከራሱ ጋር የሚያጣላ አነጋገር ነው።

ታዲያ ተርጓሚው ምን ያደርጋል? ብዙ ጊዜ «የተጠራቀመ ገቢ» ብሎ ይጽፋል። የእንግሊዝኛው ግስ በአንድ ወገኑ «እያደገ፣ እየተከማቸ መሄድ» የሚል ትርጉም ስላለው መዝገበ ቃላቱ ያንን ይሰጠዋል። አሁን በአዳራሹ ውስጥ የተቀመጡትን እናት አስቡ። «የተጠራቀመ ገቢ 48,000 ዶላር» ሲባል ምን ይታያቸዋል? ባንክ የተከመረ ገንዘብ ይታያቸዋል። ጥሪት፣ ጠርቀም ያለ ነገር። ሪፖርቱ የሚለው ግን የዚህ ተቃራኒ ነው፤ 48,000 ዶላር ሊገባልን ይገባል፣ እስካሁን ግን አልገባም ነው የሚለው። ይህ የቅላጼ ወይም የጣዕም ጉዳይ አይደለም። ትርጉሙ ያለውን የለም፣ የሌለውን አለ አድርጓል።

ችግሩ በዚህ አይቆምም። በዚያው ሪፖርት ላይ «የተጠራቀመ የእርጅና ቅናሽ» የሚል መስመር አለ፤ ይህኛው ትክክል ነው፣ ከዓመት ዓመት የተደመረ ቅናሽ ማለት ነውና። የማኅበሩ ከዓመት ዓመት የተላለፈ ትርፍም «የተጠራቀመ» ይባላል። እንግሊዝኛው ለእነዚህ የተለያዩ ቃላት ሲጠቀም፣ አማርኛው ሁሉንም በአንድ ከረጢት ከቷቸዋል። አንባቢው ሦስት የተለያዩ ነገሮችን አንድ ናቸው ብሎ ቢያምን ጥፋቱ የእሱ አይደለም።

እዚህ ላይ ሕንዶቹን ማየት ይጠቅማል፤ በዚህ መንገድ ከእኛ ቀድመው ሄደዋልና። የሕንድ መንግሥት የሳይንስና የቴክኒክ ቃላትን የሚወስን ኮሚሽን ያቋቋመው በ1961 እ.ኤ.አ. ነው። በ1963 እ.ኤ.አ. የወጣው የይፋዊ ቋንቋዎች ሕግ ደግሞ ለፓርላማ የሚቀርቡ የመንግሥት ሪፖርቶች በሂንዲና በእንግሊዝኛ እንዲወጡ ስለሚያዝ፣ የኦዲት ሪፖርት ተርጓሚው ቃል አጣሁ ብሎ ማለፍ አይችልም። ሕዝቡ በየሱቁ የሚለው ቃል «ሂሳብ» ነው፤ አዎ፣ የእኛው «ሂሳብ»፣ ከዓረብኛ ወደ እነሱም ወደ እኛም የመጣው። ኮሚሽኑና ቢሮዎቹ ግን ከሳንስክሪት «ሌካ» የሚለውን አነሡ፤ ኦዲትም «ሌካፓሪክሻ»፣ የሂሳብ ፈተና፣ ሆነ። ለ«አክሩዋል» ደግሞ «ፕሮድብሃቫን» የሚለውን አጸኑ። ቃሉ ለጆሮ ይከብዳል፤ ባለ ሱቁ አይጠቀምበትም። ነገር ግን ሥሩ «መውጣት፣ መብቀል፣ መፈጠር» ማለት ነው። መብት ተፈጠረ፣ ግዴታ ተፈጠረ ይላል እንጂ ገንዘብ ተከመረ አይልም። የሂንዲው ቃል ለጆሮ ከባድ፣ ለሐሳብ ታማኝ ነው። የእኛው «የተጠራቀመ» ለጆሮ ቀላል ሆኖ ሐሳቡን ይዋሻል።

ከዚህ የምወስደው ትምህርት «እኛም ከግዕዝ እንዲሁ እንፍጠር» የሚል አይደለም። የሕንዱ ተርጓሚ «ፕሮድብሃቫን»ን የሚጽፈው እሱ ስለፈጠረው አይደለም፤ አምና የወጣው ሪፖርት፣ የጎረቤት መሥሪያ ቤት ሪፖርት፣ የከርሞውም ሪፖርት ያንኑ ቃል ስለሚይዙ ነው። ከብዙዎች ጋር የሚጋራው ቃል ነው። እኔ በኮለምበስ በአንድ ቅዳሜ ማታ የምፈጥረው ቃል ይህ ጉልበት የለውም። የትኛውም ባንክ አይለውም፣ የትኛውም አዋጅ አይለውም፣ አዲስ አበባ ያለ ኦዲተር ቢያየው አይገባውም።

እንዲያውም ፖለቲካችን ይህን አሳይቶናል። በአብዮቱ ዘመን ለአንድ ሐሳብ «ላብ አደር» እና «ወዝ አደር» የሚሉ ሁለት ቃላት ጎን ለጎን ኖሩ። በፖለቲካ ይህ ይቻላል። በሂሳብ መዝገብ ግን ሁለት ስም ያለው ነገር ሁለት ነገር ነው፤ አንባቢው ሁለቱን መስመሮች ደምሮ ያነባቸዋል።

ስለዚህ ለ«አክሩዋል» የምለው ይህ ነው። ሪፖርቱ ዝርዝር ላይ ሲደርስ አዲስ ቃል አያስፈልግም፤ አማርኛ በቂ የተለመዱ ቃላት አሉት። «ተሰብሳቢ» እና «ተከፋይ» በየሂሳብ ክፍሉ የሚነገሩ ናቸው። «ያልተሰበሰበ ገቢ» እና «ያልተከፈለ ወጪ» ማንም የሚረዳቸው ናቸው፤ ያንን ከራሱ ጋር የተጣላውን «ገቢ» በአንድ ቅጽል ያስታርቁታል። ሂሳብ ሠራተኛ «ተሰብሳቢ ሂሳብ ደረሰኝ የተላከበት ነው፣ ይሄኛው ገና አልተጠየቀም» ብሎ ቢከራከር ትክክል ነው፤ ያን ጊዜ «ገና ያልተጠየቀ» የሚል ይጨመርበት። የአያያዙ ስም ግን፣ በማብራሪያው የመጀመሪያ ገጽ ላይ የሚመጣው፣ አዲስ አበባ ያሉ ሂሳብ ሠራተኞች እንደሚጠሩት «አክሩዋል» ይባል፤ አጠገቡም በአንድ ዓረፍተ ነገር ይብራራ፦ ገቢና ወጪ ገንዘብ በገባበትና በወጣበት ቀን ሳይሆን መብቱና ግዴታው በተፈጠረበት ቀን የሚመዘገብበት። አንድ ጊዜ ብቻ። ከዚያ በኋላ ባዕዱ ቃል በዝርዝሩ ውስጥ አይግባ።

ወደ «ኢምፔርመንት» ስንመጣ ነገሩ ከግራ መጋባት አልፎ የሰው ስም ወደማጥፋት ይደርሳል። ስሙን የማልጠቅሰው አንድ የወገን ማኅበር ያጋጠመውን ላስረዳ፤ ቁጥሮቹን ለማስላት እንዲቀሉ አድርጌ ለውጫቸዋለሁ። ማኅበሩ አዳራሽ አለው። ሲገዛ 600,000 ዶላር ፈጅቷል፤ በዓመታት የተደመረው የእርጅና ቅናሽ 150,000 ነው። ስለዚህ የመዝገብ ዋጋው 450,000 ዶላር ነው። ከዚያ ጣሪያው ተጎዳ፣ አዳራሹን ለሠርግና ለልደት የሚከራዩት ሰዎች ቀነሱ። በአሜሪካ የሂሳብ ደንብ እንዲህ ያለ ምልክት ሲታይ ኦዲተሩ የሚጠይቀው መጀመሪያ አንድ ጥያቄ ነው፤ ይህ ሕንፃ ወደፊት የሚያስገባው ገንዘብ የመዝገብ ዋጋውን ይመልሳል ወይ? የተጣራው ኪራይ በዓመት 14,000 ለ10 ዓመት፣ ማለትም 140,000፤ በመጨረሻም ሲሸጥ 250,000፤ ድምሩ 390,000። ከ450,000 ያንሳል፤ ስለዚህ አይመልስም። ያን ጊዜ ሁለተኛው ደረጃ ይመጣል። ሕንፃው ዛሬ በገበያ ስንት ያወጣል? 330,000። የመዝገብ ዋጋው ወደዚህ ይወርዳል፤ ልዩነቱ 120,000 ዶላር በዓመቱ ሂሳብ ላይ እንደ ኪሳራ ይመዘገባል። ኪሳራው የሚለካው ከ390,000 ሳይሆን ከገበያው ዋጋ መሆኑን ልብ በሉ።

በዚህ ሁሉ ውስጥ አንድም ሳንቲም ከማኅበሩ ካዝና አልወጣም። አንድም ሰው አንዳች አልወሰደም። የተለወጠው መዝገቡ ስለ ሕንፃው የሚናገረው እውነት ነው።

ረቂቁን የተረጎመው ሰው ግን «የሕንፃ ሀብት ጉድለት፦ 120,000 ዶላር» ብሎ ጻፈ። መዝገበ ቃላት ለ«ኢምፔርመንት» መጓደል፣ መጎዳት፣ መዳከም ይሰጣል፤ «ጉድለት» ከዚያው ዘር ነው፣ ከላይ ሲያዩት ንጹሕ አማርኛ ነው። ነገር ግን በኢትዮጵያ መሥሪያ ቤት ያደገ ሰው ከ«ኦዲት» አጠገብ «ጉድለት» የሚለውን ቃል ሲሰማ ምን እንደሚያስብ እናውቃለን። «በኦዲት ጉድለት ተገኘበት» ማለት ገንዘብ ያዡ ሊያስረክብ የሚገባው ገንዘብ አልተገኘም ማለት ነው። ቃሉ የሚጎትተው ክስ ነው፣ ምርመራ ነው፣ የተበላ ገንዘብ ነው። ረቂቁ ሲነበብ የመጀመሪያው ጥያቄ ስለ ጣሪያው አልነበረም። «ማን ነው ያጎደለው?» የሚል ነበር። ጥያቄው ደግሞ አጉል አይደለም፤ ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚል ሕዝብ እንዲያ ቢጠይቅ ምን ይደንቃል? ያለ ደመወዝ የሚያገለግለው ገንዘብ ያዥ ለአንድ ምሽት ሙሉ ያላደረገውን ሲያስተባብል አመሸ።

«ጉዳት» ቢባልስ? ይሻላል፤ ሌባ አይፈልግም። ነገር ግን አድማጩ አሁን የተሰበረ ነገር ይፈልጋል። በዚህ ምሳሌ የተጎዳ ጣሪያ አለ፤ በሌላ ዓመት ግን ሕንፃው ምንም ሳይነካ የአካባቢው ገበያ ብቻ ወርዶ ይሆናል። «የተበላሸ» ደግሞ ባንኮችና ጋዜጦች ወስደውታል፤ «የተበላሸ ብድር» ክፍያው የዘገየ ብድር ነው። «የዋጋ ቅናሽ» ካልን ከ«እርጅና ቅናሽ» ጋር ይጋጫል፤ ደግሞም የሱቅ ማስታወቂያ ይመስላል። የመጨረሻው ግጭት ሕንዶቹንም የሚያሰጋ ነው። የእርጅና ቅናሽን «ሙልያህራስ» ይሉታል፤ «ሙልያ» ዋጋ፣ «ህራስ» ማነስ። ለ«ኢምፔርመንት» ያንኑ «ህራስ» ብቻውን የሚመርጥ ተርጓሚ ሁለቱን መስመሮች መንታ ያደርጋቸዋል። «ጉዳት» ማለት የሆነውን «ክሻቲ» የሚመርጥ ደግሞ ከዚህ ያመልጥና የእኛው «ጉዳት» የገባበት ውስጥ ይገባል።

እኔ የምመርጠው አዲስ ያልሆነ ሐረግ ነው፦ «ከመዝገብ ዋጋ በታች መውረድ»። «የመዝገብ ዋጋ» በሂሳብ ሥራ የተለመደ ነው፤ «ዋጋው ወረደ» ገበያ የሚወጣ ሁሉ የሚለው ነው። ሐረጉ ረጅም ነው፣ አያምርም፣ ማንም ለእሱ አያጨበጭብልኝም። ግን ስሌቱን በትክክል ይናገራል፤ መዝገቡ ይህን ይላል፣ ዋጋው ከዚያ በታች ወርዷል። ተጠያቂ አይፈልግም፣ ስብራትም አይፈልግም። በአሜሪካው ደንብ ማኅበሩ እየተገለገለበት ያለ ሕንፃ አንዴ ከወረደ ወደ ላይ አይመለስም፤ ኢትዮጵያ በአዋጅ ቁጥር 847/2006 የተቀበለችው ዓለም አቀፍ ደንብ ግን ዋጋው ካገገመ ኪሳራው እንዲመለስ ይፈቅዳል። «መውረድ» ለሁለቱም ይሆናል፤ የወረደ ሊወጣ ይችላል። የተበላሸ ወይም የጎደለ ነገር ግን «ተመለሰ» ሲባል ሌላ ተረት ይጀምራል።

አሁን በራሴ አቋም ላይ የሚነሣውን ጠንካራ ተቃውሞ ልመልስ። «የተለመደውን ቃል ያዝ ትላለህ፤ የተለመደው ቃል ራሱ ቢያሳስትስ?» አዎ፣ ያሳስታል። ከሁሉ የከፋው ምሳሌ «መጠባበቂያ» ነው። በባንኮች የአማርኛ ሪፖርት «ሕጋዊ መጠባበቂያ» ከትርፍ ተቀንሶ የሚያዝ የባለ ድርሻዎች ሀብት ነው። በዚያው ሪፖርት ላይ ግን ላይመለሱ ይችላሉ ለተባሉ ብድሮች የሚያዘውም «መጠባበቂያ» ይባላል። የመጀመሪያው ያለ ሀብት ነው። ሁለተኛው ሀብት ላይ የተደረገ ቅናሽ ነው፤ ይህን ያህሉ አይመጣም ብለን ተስፋ ቆርጠንበታል ማለት ነው።

ይህ ወደ ማኅበራችንም ይመጣል። በገንዘብ ማሰባሰቢያ ምሽት ሰዎች ቃል ይገባሉ። በአሜሪካ ደንብ ያለ ቅድመ ሁኔታ የተገባ ቃል በተገባበት ዓመት ገቢ ሆኖ ይመዘገባል፤ ከላይ ያየነው 48,000 ከዚህ የመጣ ነው። ሁሉም እንደማይከፍል ስለሚታወቅ ኦዲተሩ፣ እንበል፣ 12,000 ይቀንስበታል። ይህን «የቃል ኪዳን መጠባበቂያ 12,000» ብለን ከተረጎምነው አባላቱ ለክፉ ቀን የተቀመጠ 12,000 ዶላር አለን ብለው ይሄዳሉ። በሚቀጥለው ስብሰባ ደግሞ «ከመጠባበቂያው አውጥተን ጣሪያውን እንሥራ» የሚል ሐሳብ ይቀርባል። የሌለ ገንዘብ ላይ ድምፅ ይሰጣል ማለት ነው።

እዚህ ላይ ከተለመደው እወጣለሁ፤ ግን በሕግ እወጣለሁ። የተለመደ ቃል የሚተወው በዚያው ሪፖርት ውስጥ ሁለት ተቃራኒ ነገሮችን ሲሰይም ብቻ ነው። ሲተውም ሕጉ የያዘውን ትርጉም ለሕጉ ትተን፣ ሌላውን በተለመዱ ቃላት እንዘረዝረዋለን፦ «ላይሰበሰብ ይችላል ተብሎ የተቀነሰ»። አሁንም ቃል አልፈጠርንም። ስለዚህ ተርጓሚው ሥራውን ከገጽ አንድ መጀመር የለበትም። መጀመሪያ ከሪፖርቱ ውስጥ ዘመዳሞቹን ቃላት ለቅሞ ጎን ለጎን ይደርድራቸው፤ የተደመረውንና ያልተሰበሰበውን፣ የእርጅና ቅናሹንና ከመዝገብ ዋጋ በታች መውረዱን፣ መጠባበቂያውንና ተቀናሹን። ለእያንዳንዱ አንድ ቃል ከሰጠ በኋላ፣ ሪፖርቱን ላላየ ሰው አማርኛውን ብቻ አንብቦ አንድ ነገር ይጠይቀው፤ «ይህ ገንዘብ ባንክ አለ ወይስ የለም?» መልሱ ከእንግሊዝኛው ጋር ካልገጠመ ቃሉ ወድቋል፤ የፈለገውን ያህል ያማረ ይሁን።

«እንግሊዝኛው ነው የተፈረመበት፣ አማርኛው ለመረጃ ያህል ነው» የሚሉኝ አሉ። በሕግ ልክ ናቸው። በነጋሪት ጋዜጣ አማርኛውና እንግሊዝኛው ሲለያዩ አማርኛው እንዲጸና አዋጅ ቁጥር 3/1987 ደንግጓል፤ እዚህ ግን ኦዲተሩ ፊርማውን ያኖረው በእንግሊዝኛው ላይ ነው፣ ትርጉሙን አልመረመረውም፤ ይህም በትርጉሙ ራስጌ ላይ ተጽፎ መቀመጥ አለበት። ነገር ግን በአዳራሹ ድምፅ የሚሰጠው በሰማው ነው። ገንዘብ ያዡ የተጠረጠረው በአማርኛ ነው።

ለሥነ ጽሑፍ ወዳጆቼ የመጨረሻ ቃሌ ይህ ነው። በግጥም አንድ ቃል በሁለት ትርጉም ሲመታ ደስ ይለናል፤ ሰምና ወርቅ የምንለው እሱን ነው። የኦዲት ሪፖርት ግን የዘንድሮውን ቁጥር ከአምናው ቁጥር ጎን ለጎን አስቀምጦ የሚያሳይ ወረቀት ነው። አምና «ያልተሰበሰበ ገቢ» የተባለው መስመር ዘንድሮ በሌላ፣ በሚያምር ቃል ቢጠራ፣ አንባቢው ቃሉ ተሻሻለ አይልም። ያ ገንዘብ የት ሄደ ይላል። ስለዚህ ዘንድሮ አስቀያሚ ግን እውነተኛ የሆነ ቃል የመረጠ ተርጓሚ ከርሞም ያንኑ ይጻፍ። አምና የተጻፈው የሚያሳስት ሆኖ ካገኘው ይለውጠው፤ ግን «አምና እንዲህ የተባለው ይህ ነው» የምትል አንዲት መስመር ከሥሩ ሳያስቀምጥ አይለውጠው።